ጥቆማ፦ በአንድ ፎቶ ላይ የሁለት ወንድሞቼን ፊት ማቀያየር ፈልጌ ነበር፣ ብርሃኑ አስቸገረኝ

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእናታችን 60ኛ ዓመት ልደት ላይ የተነሳ ፎቶ አለኝ። ሁለቱ ወንድሞቼ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መስኮቱ በስተግራ ነው። ትልቁ መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ ፊቱ በደንብ በርቷል። ታናሹ ከእሱ ወዲያ ነው፣ ፊቱ ጠቆር ብሏል። ልጆች እያሉ እማዬ ስማቸውን እያቀያየረች ነበር የምትጠራቸው። አሁን ፊታቸውን አቀያይሬ፣ በ30 በ40 ሴንቲ አሳትሜ ልሰጣት አሰብኩ። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ተስማምተዋል።

ራሴ ሞከርኩት። የትልቁን ፊት ቆርጬ ታናሹ አንገት ላይ ሳስቀምጠው ባትሪ የበራበት ይመስላል። የታናሹ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ሆኖ ጭልም ይላል። እኔ የምፈልገው ፊቱ ሲቀየር ብርሃኑ እንደነበረ እንዲቆይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ የሚሰራ ፎቶ ቤት ወይም ራሴ የምሰራበት ፕሮግራም ጠቁሙኝ። የውጭ ካርድ ስለሌለኝ ፎቶሾፕን በየወሩ መክፈል አልችልም።

ስልኬ ይበቃኛል፦

እህቴ ለምን ትደክሚያለሽ? ስናፕቻት ላይ ፊት ማቀያየሪያ ከ2016 ጀምሮ አለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የስልክ አፖች ደግሞ ብርሃኑንም ራሳቸው ያስተካክሉታል። እኔ ከጓደኛዬ ጋር የተነሳሁትን አደረግኩት፣ ሰው ሁሉ እውነት መስሎት ነበር።

ከሪያድ፦

የኔም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። አባቴ ሰርጌ ላይ አልነበረም፣ ከመሰረጌ በፊት ነው ያረፈው። የድሮ ፎቶው አለኝ። እሱን የሰርግ ፎቶዬ ውስጥ አስገብቼ የድሮውን ብርሃን እንደያዘ ማቆየት ይቻላል? ፊቱ ላይ ያለው ፀሐይ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሐዋሳ፦

የሪያዱ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ያንተ ግን ሌላ ሥራ ነው። እሷ ብርሃኑ በቦታው ይቆይ ነው የምትለው። መስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ፊት ማንም ይሁን ማን የመስኮቱን ብርሃን ይልበስ ማለቷ ነው። አንተ ደግሞ ብርሃኑ ከፊቱ ጋር ይምጣ እያልክ ነው። የአባትህ ፊት በፀሐይ፣ አንተ በአዳራሽ መብራት ከሆናችሁ ተለጥፎ ይታያል። ለብቻው ጠይቀን፣ እናግዝሃለን።

ስለ ስልኩ የተባለው ግማሹ ልክ ነው። እነዚህ አፖች ፊቱን ቆርጠው አይለጥፉም። የሰውየውን መልክ ወስደው በሌላው ፊት ቦታ ላይ አዲስ ይሠራሉ። ስለዚህ ብርሃኑንም የፊቱን አቅጣጫም ከቦታው ይወስዳሉ። ጉድለቱ መጠኑ ላይ ነው። በነፃ ከሚሰራጩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት inswapper_128 የሚባለው ፊቱን የሚያወጣው በ128 በ128 ፒክስል ነው። በ30 በ40 ህትመት ላይ ፊቱ አምስት ሴንቲ ስፋት ቢኖረው፣ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ወደ 590 ፒክስል ይፈልጋል። 128ቱ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ከዚያ ሌላ ፕሮግራም ያጠራዋል፣ ያኔ ቆዳው ፕላስቲክ ይሆናል። እናት ደግሞ የልጇን ጠባሳ ታውቃለች። ስልክ ላይ ለማየት ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ግን አይሆንም።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሁለቱ የአፍንጫ ጥላ በየት በኩል ነው የወደቀው? ዓይናቸው ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብስ?

ጠያቂዋ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የሁለቱም ጥላ ወደ ቀኝ ነው። ነጥቧም የሁለቱም በግራ በኩል ናት። ሁለቱም ካሜራውን ፊት ለፊት ነው የሚያዩት።

የገርጂ ልጅ፦

ፎቶ ቤት ከመሄድሽ በፊት የኔን ስሚ። አንድ ፎቶ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ ሰጥቼ ነበር። ፊቱን ለጠፉት፣ ዳሩን አደበዘዙት፣ ከዚያ ሁለቱንም ፊት አለሰለሱት። አገጩ ሥር የቆዳው ቀለም በመስመር ተለይቶ ይታያል። ስጠይቃቸው «ፎቶው ነው እንጂ» አሉኝ። ፋይሉን በሌየር ስጡኝ ስል አንድ ላይ ጨፍልቀውት ነበር።

እኔ አሁን የምጠቁመው Photopea ነው። በብሮውዘር ይከፈታል፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ ብቻ አለው። ፎቶው ከኮምፒውተርሽ አይወጣም። አሠራሩ ከፎቶሾፕ ጋር ይመሳሰላል፣ PSD ፋይልም ይከፍታል። ኔትወርክ የሚያስቸግርሽ ከሆነ GIMP አውርጂና ያለ ኢንተርኔት ሥሪ፣ ግን አያያዙን እስክትለምጂው ትንሽ ይከብዳል። ብርሃኑን ለማመሳሰል ፎቶሾፕ ላይ Match Color የሚባል አለ፣ ችግሩን በአንዴ ይፈታዋል።

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሐዋሳ፦

ስለ Photopea እስማማለሁ። Match Color ግን በአንዴ አይፈታውም። የፊቱን አማካይ ቀለምና ድምቀት ያመሳስላል። ጉንጩ አንዱ በርቶ ሌላው የጠቆረበትን አካሄድ ግን አያውቅም። ሁለቱም እኩል ጥላ ውስጥ ቢሆኑ ይበቃ ነበር። እዚህ አንዱ መስኮቱ ሥር ነው።

ልጄ፣ ጥላውም ነጥቧም በአንድ በኩል ከሆኑ ሥራው ይቻላል። ሁለቱ ተያይተው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ አንዱን ፊት በመስተዋት እንደሚታይ መገልበጥ ይመጣ ነበር። ያኔ ብርሃኑም አብሮ ይገለበጣል፣ ማንም የማያድነው ስህተት ነው።

አሁን ሐሳቡ እንዲህ ነው። ፎቶን በጣም ብታደበዝዢው ዓይንና ከንፈር ይጠፋል፣ የብርሃኑ አካሄድ ግን ይቀራል። ግራ ጉንጭ ደማቅ፣ ቀኝ ጉንጭ ጨለም ያለ። ይህን ከቦታው ባለቤት ትወስጂያለሽ። ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ ቅንድቡን ደግሞ ከሚመጣው ሰው። ሁለቱ ሲደራረቡ አዲሱ ፊት በአሮጌው ብርሃን ይበራል።

የፊታቸው ስፋት ስንት ፒክስል ነው?

ጠያቂዋ፦

ትልቁ 620፣ ታናሹ 540 አካባቢ። ካሜራ የያዘው ዘመዴ በቴሌግራም ነው የላከልኝ፣ ግን በፋይል መልክ።

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሐዋሳ፦

በፋይል መላኩ ጥሩ ነው። በፎቶ መልክ ቢሆን ቴሌግራም አሳንሶት ነበር።

የማደብዘዣው ቁጥር የፊቱ ስፋት አንድ ስምንተኛ ገደማ ይሁን። ለትልቁ 80፣ ለታናሹ 70 ያዢ። ኦሪጅናሉን በ Ctrl+J አራት ጊዜ ቅጂ።

አንደኛው ቅጂ ላይ Filter ውስጥ Other፣ ከዚያ High Pass ገብተሽ 80 ስጪው። ምስሉ ግራጫ ይሆናል፣ አትደንግጪ። ከዚያ የትልቁን ፊት በላሶ ቁረጪ፣ ከፀጉሩ መስመር በታች፣ ከጆሮ ወዲህ፣ እስከ አገጭ። መጀመሪያ ቆርጠሽ ኋላ High Pass ካደረግሽ ዳሩ ይበላሻል። ሁለተኛው ቅጂ ላይ በ70 አድርጊና የታናሹን ቁረጪ። ሦስተኛውን በ Gaussian Blur 70 አደብዝዘሽ የታናሹን ፊት ቦታ ቁረጪ። አራተኛውን በ80 አደብዝዘሽ የትልቁን ቦታ።

አሁን የታናሹ ቦታ ላይ ከታች የራሱን ድብዝዝ፣ ከላይ የትልቁን ግራጫ ታስቀምጪያለሽ። የግራጫውን መደራረቢያ Linear Light አድርጊው፣ Opacity ደግሞ 50። ይህ 50 እንደ ጣዕም የሚለወጥ አይደለም። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊቱ ይጠጥራል፣ ካነሰ ይደበዝዛል። የትልቁን ወደ 87 በመቶ አሳንሺ። ከቁጥሮቹ ጋር ይገጥማል፣ 80 ወደ 87 በመቶ ሲቀንስ 70 ገደማ ነው። ሌላኛው ቦታ ላይ በተቃራኒው፣ የታናሹን ወደ 115 በመቶ አሳድጊ።

ዓይን ከዓይን ለማግጠም ድብዝዙን ለጊዜው ደብቂው። ግራጫው በራሱ ግልጽ ስለሚሆን ከሥር ያለውን ዓይን ታያለሽ። ስትጨርሺ ሁለቱን በአንድ ግሩፕ አድርገሽ ማስክ ስጪና ዳሩን በለስላሳ ብራሽ አጥፊ። Photopea ላይ Ctrl+T ብትይ ብሮውዘሩ አዲስ ታብ ይከፍትብሻል፣ Alt+Ctrl+T ተጠቀሚ።

የገርጂ ልጅ፦

ጋሼ፣ የቆዳ ቀለሙስ? አንዱ ጠይም ሌላው ቀይ ቢሆን?

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሐዋሳ፦

ቀለሙ ከድብዝዙ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፊቱ የተቀመጠበትን አንገት ቀለም ይይዛል። አንተን ያናደደህ የአገጭ መስመር የማይታየው ለዚህ ነው። ዋጋ አለው በእርግጥ፣ የቀዩ ልጅ መልክ ጠይም ሆኖ ይወጣል።

ስልኬ ይበቃኛል፦

ታዲያ ያው ሰውየው አይመስልማ! መልክ ማለት ቀለሙም ጭምር አይደል? እኔ ቢሆን ቀለሙን ከባለቤቱ እወስዳለሁ።

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሐዋሳ፦

ከወሰድክ አንገቱንና እጁንም ማቅለም አለብህ። ታናሹ እጁን ጉልበቱ ላይ ካደረገ እሱም ይታያል። እኔ አንገቱን እንደነበረ እተወዋለሁ፣ አንተ በሌላ መንገድ ብትሠራው አልጣላህም።

ጠያቂዋ፦

ሠራሁት! ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ትልቁ ወንድሜ በታናሹ ቦታ ላይ ልክ እዚያ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ግራ ጉንጩ ትንሽ በርቷል፣ ቀኙ ጥላ ውስጥ ነው። አንገቱ ላይ መስመር የለም።

ግን አንድ ነገር አለ። ታናሹ ጺም አለው። የትልቁ ፊት እዚያ ሲቀመጥ ጺም የለውም፣ አገጩ ዙሪያ ግን አመድ የመሰለ ጥቁረት ቀርቷል። ግንባሩም ፀጉሩ አካባቢ ጠቁሯል።

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሐዋሳ፦

ጺሙ ድብዝዙ ውስጥ ገብቶ ነው። ጥቁር ፀጉርም እንደዚሁ፣ ሲደበዝዝ ወደ ግንባር ይፈስሳል። ለግንባሩ ማስኩን ከፀጉሩ መስመር ትንሽ ወደ ታች አውርጂው። ለጺሙ ድብዝዙን ሌየር ብቻ ምረጪ። ከጉንጩ ቀለም ውሰጂ፣ አገጩ ላይ በትልቅ ለስላሳ ብራሽ፣ በ20 በመቶ ፍሰት ቀስ እያልሽ ቀቢ። በግራ በኩል ከግራ ጉንጭ፣ በቀኝ በኩል ከቀኝ ጉንጭ ውሰጂ። ካልሆነ መስኮቱን ታጠፊዋለሽ።

በሌላኛው ወገን የታናሹ ጺም መስኮቱ አጠገብ ሳሳ ብሎ ይታይሻል። ጥቁረቱ ግማሹ ድብዝዙ ውስጥ ስለቀረ ነው። ለእሱ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። እኔ አንዳንዴ አገጩ ላይ በ Curves ትንሽ አጠቁራለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዳለ እተወዋለሁ።

ከሪያድ፦

ጋሼ፣ የኔን ለብቻው ከፍቼ ጠይቄያለሁ። የአባቴን ፎቶ ስካን አድርጌዋለሁ፣ የአፍንጫው ጥላ ወደ ግራ ነው፣ የኔ ወደ ቀኝ። ሲመችዎት ይዩልኝ።

ጠያቂዋ፦

አገጩን ቀባሁት፣ አመዱ ጠፋ። የታናሹን ጺም በ Curves አጠቆርኩት፣ አሁንም ከእውነተኛው ይሳሳል። ነገ በ10 በ15 አሳትሜ መጀመሪያ በወረቀት አየዋለሁ። ጺሙ እዚያም ከታወቀኝ ተመልሼ እጠይቃለሁ።