የማድረሻ ክፍያው ቴስት የት ይቀመጥ?

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት የኦንላይን መደብር ካሉን 210 አውቶማቲክ ቴስቶች ውስጥ 170ዎቹ በሴሌኒየም ብራውዘር ከፍተው ገጹን የሚፈትሹ በመሆናቸው፣ አንድ ዙር 55 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዱ ሲወድቅም ስህተቱ የኮዱ ይሁን የገጹ መዘግየት ለመለየት እንደገና ማስኬድ ግድ ይሆናል።

አሁን የመጣው አዲስ ሕግ፣ ከኩፖን ቅናሽ በኋላ 2,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ትዕዛዝ ያለ ማድረሻ ክፍያ እንዲላክ ያዛል። 1,999ን፣ 2,000ን እና ኩፖን ከ2,000 በታች የሚያወርደውን ትዕዛዝ ጨምሮ መፈተሽ ያለባቸው ስምንት ሁኔታዎች አሉ። በቡድናችን ልማድ ስምንቱም በብራውዘር ይጻፉ ነበር፤ እያንዳንዱ ሎግ ኢን አድርጎ ቅርጫት ለመሙላት 40 ሰከንድ ስለሚወስድ፣ በዙሩ ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይጨመራል።

የእኔ ሐሳብ ስምንቱን ክፍያውን በሚያሰላው የሰርቨር ፈንክሽን ላይ በዩኒት ቴስት ፈትሼ፣ ውጤቱ ለደንበኛው መታየቱን የሚያረጋግጥ አንድ የብራውዘር ቴስት ብቻ መተው ነው። ያስቸገረኝ ግን ደንበኛው የዕቃውን ብዛት ሲቀይር ክፍያውን ገጹ ላይ ያለው ጃቫስክሪፕት ራሱ እንደገና ማስላቱ ነው፤ ስለዚህ የሰርቨሩ ቴስቶች ሁሉ አልፈው ገጹ የተሳሳተ ዋጋ ሊያሳይ ይችላል። (ስሌቱን በሁለት ቦታ ማን እንደጻፈው ባልጠይቅ ይሻላል።)

ስምንቱን ሁኔታዎች በአንድ ሠንጠረዥ አድርጌ በሁለቱም ፈንክሽኖች ላይ ላስኪድ፣ ወይስ ገጹ ዋጋውን ከሰርቨር እንዲጠይቅ አስቀድሜ ላስተካክል? ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ፣ የትኛውን እንደመረጣችሁና ምን እንዳስከተለ ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።