68 ሺህ ወይስ 105 ሺህ? የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ክርክር

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ሴራሚክ ያነጥፋል። ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር አለ፣ በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባለ። አዲስ አበባ አንዱ ክሊኒክ 68 ሺህ ብር፣ ሌላው 105 ሺህ ብር አሉን። የጤና መድን ካርድ አለው፣ ግን በመንግሥት ወረፋ አለ ይላሉ። የቱ ይሻላል? ደግሞስ የግል ሕክምና ሙሉ ዋጋውን በጽሑፍ እንዲሰጥ በሕግ መገደድ የለበትም?

የጎጃም በረንዳው፦ ይሄማ ምኑ ያከራክራል? መድን ካለው በመንግሥት ይታከም፣ ሁሉ ነገር ነጻ ነው። የግል ማለት ኪስ ማራገፊያ ነው።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ በሪፈር ሲሄድ ነው። ሪፈር ዘሎ በቀጥታ አዲስ አበባ ከመጣ ካርዱ ላይጠቅመው ይችላል። ከዚያ ደግሞ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ የሌለ መድኃኒት፣ ግላቭ፣ የስፌት ክር፣ አንዳንዴም ማደንዘዣው ሳይቀር ከውጭ ግዙ ይባላል። ደረሰኝ ይያዝ፣ የሚመልሱ ቦታዎች አሉ። ሁሉም ግን አይመልሱም።

ጠያቂዋ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 68 ሺሁ በክፍት ነው ወይስ በካሜራ?

ጠያቂዋ፦ ወረቀቱን አሁን አየሁት። 68ቱ «ኦፕን» ይላል። 105ቱ «ላፓራስኮፒ፣ ፓኬጅ» ይላል። ሁለቱም ያው ሐሞት ማውጣት መስሎን ነበር።

ሲስተር፦ የሚወጣው ያው ከረጢት ነው፣ ቁስሉ ግን ለየቅል ነው። በካሜራ ሲሆን ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። አብዛኛው ሰው አንድ ሌሊት አድሮ ይወጣል። በክፍት ሲሆን ከጎድን አጥንት ሥር ይሰነጠቃል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል። ዋናው ልዩነት የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከባድ ነገር ለማንሳት በክፍት ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በካሜራ ለቢሮ ሰው አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ሴራሚክ የሚሸከም ሰው ግን ሦስት ሳምንት ቢያስብ ይሻላል። ያንን ካርቶን ያነሳ ያውቀዋል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እንግዲያው የሚነጻጸረው ሌላ ነው። ጠያቂዋ፣ እነዚህን ንገሪኝ። በቀን ስንት ያገኛል? በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? ማን ያስታምመዋል? ከ68ቱ ውስጥ ምን ምን ተካቷል?

ጠያቂዋ፦ በካሬ ነው የሚከፈለው፣ ሲካፈል በቀን ወደ 1,200 ብር ይመጣል። በሳምንት አምስት ቀን። የምታስታምመው ሚስቱ ናት፣ ቡና እያፈላች በቀን 600 ገደማ ታገኛለች። ለ68ቱ ደውዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ፣ ማደንዘዣውና የቀዶ ጥገና ክፍሉ ብቻ ነው። አልጋ በሌሊት 3,000፣ መድኃኒትና ዕቃ በግምት 6,000 ብለውኛል።

ጋሽ ጡረተኛው፦ ቀጣሪው ይክፈለው እንጂ ልጄ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ ያገኛል። ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ለኩላሊት ስታከም…

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ግን ደመወዝተኛ አይደለም። ሥራ ሲገኝ በካሬ ይነጋገራል፣ ካልሠራ ባዶ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ይኸው ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

በክፍት፦ 68,000። ቅድመ ምርመራ (ደም፣ የጉበትና የኩላሊት፣ የልብ) 5,500 አልኩ። ሦስት ሌሊት አልጋ 9,000። መድኃኒትና ዕቃ 6,000። የወጣው ከረጢት ለናሙና ምርመራ ይላካል፣ 2,500። ክሊኒክ ላይ የሚወጣው 91,000 ሆነ።

በካሜራ፦ 105,000፣ ፓኬጅ ስለሆነ አልጋውና ዕቃው ውስጡ ነው። ያው ምርመራ 5,500። ሲወጣ የሚታዘዝለት መድኃኒት 1,500። ናሙና 2,500። 114,500። እዚህ ላይ የ37 ሺሁ ልዩነት ወደ 23,500 ወረደ።

አሁን ከክሊኒኩ እንውጣ። መጓጓዣ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ፣ ከተማ ውስጥ ታክሲ ጨምሮ፣ በሁለቱም 3,500። የሚስቱ አልጋና ምግብ በቀን 1,200 ቢሆን በክፍት አራት ቀን፣ በካሜራ ሁለት ቀን። የቡና ገቢዋም በነዚያ ቀናት ይቀራል። ሲደመር በክፍት 10,700፣ በካሜራ 7,100።

የእሱ ገቢ ደግሞ በስድስት ሳምንት 30 የሥራ ቀን፣ 36,000 ብር ነው። በሦስት ሳምንት 15 ቀን፣ 18,000።

ጠቅላላ፦ በክፍት 137,700፣ በካሜራ 139,600። ልዩነቱ 1,900 ብር ብቻ ነው።

የጎጃም በረንዳው፦ ኧረ ተው! 37 ሺህ የነበረው?

ካሸር ነበርኩ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘልሏል። ሦስት ሳምንት ያልነው ሁሉ ነገር በሰላም ካለቀ ነው። በካሜራ ተጀምሮ በመሃል ወደ ክፍት የሚዞር አለ። ከረጢቱ ቆስሎ ከተጣበቀ ሐኪሙ ለደኅንነት ሲል ይከፍታል። ያኔ በፓኬጅ የገባው ሰው ተጨማሪ አልጋ ይከፍላል፣ የስድስት ሳምንት ገቢውም ይቀርበታል። ስለ ሕጉም ከተነሣ፣ እኔ የግል ክሊኒክ ካሽ ክፍል ሠርቻለሁ። ቁርጥ ዋጋ ጻፉ ብትሉ ሁሉም የመጨረሻውን መጥፎ ነገር አስቦ ነው የሚጽፈው። 105ቱ 140 ይሆናል። በሰላም የሚወጣው ሰው የሌላውን ይከፍላል።

ሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ቀድሞ የተያዘ ሕክምና ከሆነ የጽሑፍ ግምት የመስጠት ግዴታ አለ። የመጨረሻው ቢል ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በሽተኛው መከራከር ይችላል። ግምት ነው እንጂ ቁርጥ ዋጋ አይደለም። ያ ለምን እኛ ጋ አይሠራም?

ካሸር ነበርኩ፦ የሚከራከርበት ቦታ ማን ነው? መጀመሪያ እሱ ይኑር።

የአያቴ ልጅ፦ እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሚስቴ እንቅርት ልታወጣ አንድ ክሊኒክ ገባን። ተቀማጭ ከፈልን። ስንወጣ ካሽ ላይ ተጨማሪ 19 ሺህ ተባልን። ምንድን ነው ስል ማደንዘዣው ለብቻው ነው፣ ያደረችበት ክፍል ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው አሉ። በር ላይ ቆሜ ከወንድሞቼ ለመንኩ። ግምት ጽፈው ቢሰጡኝ ኖሮ ቢያንስ ተዘጋጅቼ እገባ ነበር። ይገደዱ ባይ ነኝ።

ሲስተር፦ ሕጉ እስኪመጣ ጠያቂዋ በአንድ ወረቀት ሦስት ነገር ታስጽፍ። ከካሜራ ወደ ክፍት ቢዞር ስንት ይጨመራል? ከተባለው በላይ እያንዳንዱ ሌሊት ስንት ነው? ናሙናው ውስጥ አለ ወይስ ውጭ? እንደዚህ የተጠየቀ ክሊኒክ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል። ዝም ብሎ «አይዞሽ» የሚል ከሆነ ሌላ ቦታ እሄድ ነበር።

ደብረ ብርሃን የሠራው ምርመራና አልትራሳውንድ ይቀበሉ እንደሆነም ትጠይቅ። ብዙ ጊዜ ያስደግማሉ። ስፌቱን ለማውጣት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለበትም፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ይነሳለታል። ያ ብቻውን አንድ ሙሉ የሁለት ሰው ጉዞ ያስቀራል። መድኃኒቱንም ሐኪሙ በኩባንያ ስሙ ሳይሆን በዋና መጠሪያው እንዲጽፍ ጠይቁ፣ ከዚያ ከነማ ፋርማሲና ሌላ ቦታ ዋጋ ጠይቃችሁ ግዙ።

ጠያቂዋ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ጭራሽ ግራ ገባኝ። ዕቁብ ወጥቶልን በእጃችን ያለው 80 ሺህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አሃ፣ ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ገቢው መቅረቱን ትተን ከኪስ የሚወጣውን ብቻ እንይ። በክፍት 99,300 ነው፣ 19,300 ይጎድላችኋል። በካሜራ 120,400 ነው፣ 40,400 ይጎድላችኋል። ስለዚህ ድምሩ እኩል ነው፣ ብድሩ ግን እኩል አይደለም። በሌላ በኩል በክፍት ከተሠራ ቤቱ ስድስት ሳምንት ያለ እሱ ገቢ ይበላል። ያንንም የሚያበድረው ሱቁ ነው። በወለድ የሚበደር ከሆነ ካሜራው ይከብደዋል። ከዘመድ ከሆነ ቶሎ ሥራ መመለሱ ያዋጣዋል። እኔ በግሌ ካሜራውን እመርጥ ነበር።

የጎጃም በረንዳው፦ እና መንግሥት ሆስፒታል ቀረ? ደብረ ብርሃን ራሱ ትልቅ ሆስፒታል አለው እኮ! ሪፈሩን እዚያው አጽፎ እዚያው ይሠራ። መጓጓዣ የለ፣ የሚስቱ ማደሪያ የለ፣ ቡናዋንም ታፈላለች።

ሲስተር፦ ይኸኛው ነጥብህ ጥሩ ነው። በክፍት ቢሠራለት እንኳ 36 ሺህ ገቢ ይቀርበታል፣ ከውጭ የሚገዛው ይጨመራል፣ በቀጠሮ የሚጠፋው ቀን ይጨመራል። ሁሉም ተደምሮ ከሁለቱም የግል ክሊኒኮች እጅግ ያነሰ ነው። ከሁሉ በፊት እዚያ ሄዶ የወረፋውን ቀን መጠየቅ አለበት። «ይባላል» ሳይሆን የተጻፈ ቀን።

ጥያቄው ወረፋው ስንት ነው የሚለው ነው። ሕመሙ በየሳምንቱ የሚነሳበት ከሆነ በጠበቀ ቁጥር ሥራ ይቀራል። በየወሩ አራት ቀን ቢቀርበት 4,800 ብር ነው። ሦስት ወር ቢጠብቅ 14,400። አሁንም ከግሉ ይረክሳል። ገንዘብ የማይቆጠርበት ነገር ግን አለ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ጠጠሩ ወደ ሐሞት ቱቦው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወረፋ የለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ቱቦ ውስጥ የገባውን ለማውጣት በአፍ በኩል በሚገባ መሣሪያ የሚሠራ ሌላ ሕክምና ያስፈልግ ይሆናል፣ እሱን የሚሠሩት ጥቂት ቦታዎች ናቸው፣ ዋጋውም ለብቻው ነው። ሁላችሁ የሠራችሁት ሒሳብ ውስጥ የለም።

ሜሪላንድ፦ እኔ የጎደለውን አንድ አሥር ሺህ እልካለሁ። ግን በሽተኛው በቀጥታ ለክሊኒኩ ይክፈል፣ ደረሰኝ ይላክልኝ።

ካሸር ነበርኩ፦ ጋሼ ያሉት አዋጅ ለእሱ ያለመሥራቱ ነው የከነከነኝ። ደመወዝተኛው በክፍት ቢሠራና በአንድ ወር ሥራው ላይ ቢመለስ ገቢው አይነካም። ለእሱ 68ቱ በእርግጥም ርካሽ ነው። ለካሬ ሠራተኛው አይደለም። ያው ክሊኒክ፣ ያው ዋጋ።

ጋሽ ጡረተኛው፦ እኔም ይህንኑ ልል ነበር። መድኑ የሕክምናውን ከከፈለ የቀረውን ገቢ ማን ይክፈል? በሕግ ይገደዱ የምትሉት ክሊኒኩን ነው እንጂ ይህንን የሚነካ የለም።

የጎጃም በረንዳው፦ ጋሼ፣ ያንን ደግሞ ለሌላ ቀን።

ጠያቂዋ፦ ሰኞ ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ያጽፋል፣ የወረፋ ቀን ይጠይቃል። ሕመሙ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ነበር የተነሳበት። ቀኑ ከሁለት ወር ካልበለጠ እንጠብቃለን። ከበለጠ ወደ 105ቱ ክሊኒክ ደውዬ ሲስተር ያለችኝን ሦስቱን አስጽፋለሁ። ሚስቱ ግን አሁንም ክፍቱን አትፈልግም፣ «ሆዱን ቀዳችሁ ስድስት ሳምንት ታስተኙብኛላችሁ» ትላለች።