«አንቺ» የሚባባሉ እህትማማቾችን ያለ «አለች» በንባብ እንዴት ልለያቸው?

ሰላም ለእናንተ። ደሴ ሆኜ አንድ ልብወለድ በድምፅ እየተረክሁ ነው፤ ደራሲው ከንግግሮቹ ላይ «አለች» የሚለውን አውጥቶታል። አማትና ምራት ሲያወሩ ችግር የለም፣ «እርስዎ» እና «አንቺ» ራሳቸው ይለያሉ። ያስቸገሩኝ «አንቺ» የሚባባሉት ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው።

ታላቋን በዝግታ አነባለሁ፤ ዓረፍተ ነገሯንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እዘጋለሁ። ታናሿ ፋታ ሳትሰጥ ትቀጥላለች።

«ቤቱን ሸጥሽው?»
«አብሽሪ፣ ገና ነው።»

«አብሽሪ» የታላቋ አመል ስለሆነ (ወሎዬ ናት እንግዲህ) እዚህ ይለያል። ታናሿ ስታለቅስ ግን እሷም ትዘገያለች፤ ያኔ ይቀላቀሉብኛል። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ በስልክ ሳዳምጠውማ ጭራሽ አይለይም። ድምፅ ለውጬ መተወን አልፈልግም፣ በረጅም ምዕራፍ ይሰለቻል።

በለቅሶው ክፍል ታናሿን በምን ላስለያት? ከመናገሯ በፊት ትንፋሿን ላሰማ፣ ወይስ በቃላቷ መሀል ልቆራርጥ?