የበዓል ቀን ሠርቼ 24 ድርሃም ተጨመረልኝ፤ ስሌቱን የሚያውቅ ካለ

ሰብለ (ሻርጃ)
ሰላም እህት ወንድሞቼ። ዱባይ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። የደሞዝ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው።

ቤዚኬ 1,440 ድርሃም ነው። ከቤትና ከትራንስፖርት አበል ጋር 2,200 ይሆናል። ሥራዬ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 3 ነው፣ መሀል ላይ አንድ ሰዓት እረፍት አለኝ። ባለፈው ወር 12 ቀን እስከ ማታ 5 አምሽቻለሁ። ከሳምንታዊ ዕረፍቴ አንዷን ቀን ሠርቻለሁ፣ ምትክ ቀን አልተሰጠኝም። በብሔራዊ በዓሉም ሁለቱንም ቀን ገብቼ ነበር፣ የነሱም ምትክ የለም።

ኦቨርታይም ተብሎ የገባልኝ 252 ድርሃም ነው። ኤችአሯን ስጠይቃት «24 ሰዓት በ7.50፣ ሦስቱ ቀን ደግሞ በ24 በ24 ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ በዓል ቆሜ ውዬ 24 ድርሃም? ለእናቴ የዚህን ወር ኦቨርታይም እልክልሻለሁ ብያት ነበር። ልክ ከሆነም ልክ ነው በሉኝና ልረፍ።

ዳዊት (ዱባይ)
ሰብልዬ፣ የማታው ልክ ነው መሰለኝ። ሌሊት ተብሎ 50 በመቶ የሚጨመረው ከ10 እስከ 4 ለሚሠራ ነው። አንቺ ማታ 5 ላይ ወጥተሻል። ሌሊት 10 ላይ ከሚገቡት ጋር አትቆጠሪም። ስለዚህ 25 በመቶው ነው የሚገባሽ።

ሂሩት (አቡዳቢ)
ዳዊት ወንድሜ፣ ሰዓቱ ተገልብጦብህ ነው። 10 እና 4 የተባለው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በኛ ሲቆጠር ከማታ 4 እስከ ሌሊት 10 ይሆናል። ቁጥሮቹ ቦታ ስለሚለዋወጡ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም ደሞዝ መሥራት ስጀምር አንዴ ተምታቶብኛል።

ሰብለ፣ አንድ ኩባንያ ውስጥ ደሞዝ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋሽን ማወቅ አለብሽ። ኦቨርታይም የሚሰላው በቤዚክ ነው፣ በ2,200ው አይደለም። 1,440ን ለ30 ስታካፍይ በቀን 48 ይመጣል። 48ን ለ8 ስታካፍይ ሰዓቱ 6 ድርሃም ነው።

ካመሸሽባቸው ሁለት ሰዓታት የመጀመሪያው ከማታ 3 እስከ 4 ነው። እሱ 25 በመቶ ይጨመርበትና 7.50 ይሆናል። ሁለተኛው ከ4 እስከ 5 ነው፣ የሌሊቱ ክልል ውስጥ ገብቷል። 50 በመቶ ይጨመርበትና 9 ድርሃም ይሆናል። የአንድ ማታ 16.50 ማለት ነው። በ12 ማታ 198። እነሱ 180 ነው የሰጡሽ፣ ስለዚህ ከዚህ ብቻ 18 ድርሃም ጎድሎብሻል።

ዕረፍትሽን ወይም በዓሉን ስትሠሪ ደግሞ አሠሪው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ሌላ ቀን ያሳርፍሻል፣ ወይ የዚያን ቀን ክፍያ ከ50 በመቶ ጭማሪ ጋር ይከፍልሻል። 48 ሲደመር 24፣ 72 ድርሃም በቀን። በሦስት ቀን 216። አንቺ 72 ብቻ ነው ያገኘሽው። ባጠቃላይ 414 ይገባሽ ነበር፣ 162 ቀርቶብሻል።

ጋሽ መኮንን (ዱባይ)
ልጄ ሂሩት፣ ጥሩ አስረድተሻል፣ ግን የሌሊቱ ሰዓት ከማታ 3 ነው የሚጀምረው። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ 20 ዓመት አልፎኛል። የዕረፍት ቀኑም ዓርብ ነው፣ ሕግ ነው። ሰብለ ሁለቱም ሰዓት በ9 ይሰላላት።

ሂሩት (አቡዳቢ)
ጋሼ፣ የሚሉት የድሮው የ1980ው ሕግ ነው፣ ያኔ እንዲያ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ሌሊቱ ከማታ 4 ሆኗል። ዕረፍቱም በውሏ ላይ የተጻፈው ቀን ነው፣ ዓርብ መሆኑ ቀርቷል። ሰብለ፣ ያንቺ ውል ላይ የትኛው ቀን ነው የተጻፈው?

ሰብለ (ሻርጃ)
ማክሰኞ ነው። የሠራሁትም ማክሰኞ ነው።

ትዕግስት (አዲስ አበባ)
ከኳታር ተመልሼ አሁን አገሬ ነው ያለሁት። እዚህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ። ማታው አንድ ተኩል፣ ከማታ 4 በኋላ ደግሞ 1.75። ሰብለ፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ጠይቂያቸው!

ሂሩት (አቡዳቢ)
ትዕግስት እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ግን የኢትዮጵያ አዋጅ ዱባይ ላይ አይሠራም። በዚያ ቁጥር ብትሄድ በመጀመሪያው ቃል ይመልሷታል። ትክክለኛዋ ጥያቄም አብራ ትወድቅባታለች።

አልማዝ (አጅማን)
እኔ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ እኩለ ሌሊት ነው የምተኛው። ለኔስ በሰዓት ስንት ይሰላልኛል? እማዬ ሰው ሁሉ ቤት ሠራ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ትለኛለች።

ሂሩት (አቡዳቢ)
አልሙዬ፣ የናንተ ሕግ ለብቻው ነው። 25 እና 50 በመቶ የሚባለው ጭማሪ ለናንተ አልተጻፈም። ግን በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይገባሻል፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈልበት ዕረፍትም አለሽ። ያንን ቀን ካሠሩሽ ምትክ ቀን ወይም የዚያን ቀን ገንዘብ መስጠት አለባቸው። 11 ሰዓት ተነስተሽ እኩለ ሌሊት ከተኛሽ 8ቱ ሰዓት አልሞላም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ለብቻችን እናውራ።

ያሬድ (ዱባይ)
ሂሩት፣ በበዓሉ ላይ አልስማማም። እኔም የሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ፔይሮል አጠገብ ነው የምሠራው። ሰብለ ወርኃዊ ደሞዝተኛ ናት። 1,440ው የ30 ቀን ነው፣ በዓሉም ዕረፍቱም በውስጡ አሉ። የዚያን ቀን 48 በወር ደሞዟ አግኝታዋለች። የሚቀረው 50 በመቶው፣ 24ቱ ነው። ኤችአሯ ያደረገችው ይሄን ነው። እኛም ጋ እንደዚሁ ነው።

ሂሩት (አቡዳቢ)
ይሄን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስላልኝ። ሰብለ በዓሉን ቤቷ ተኝታ ብትውል ስንት ታገኝ ነበር? ያው 1,440። ገብታ 8 ሰዓት ስትሠራ በናንተ ስሌት 24 ይጨመርላታል። በሰዓት 3 ድርሃም ማለት ነው። ተራ ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ብታመሽ ግን 7.50 ታገኛለች። የበዓል ሰዓት ከተራ ማታ በግማሽ ሊያንስ ይችላል? ጭማሪ ብሎ የጻፈ ሕግ ይሄን አስቦ አይመስለኝም። 48ቱ ለተኛችበት ቀን ነው፤ ለሠራችበት 72 ይጨመራል። እኔ የማሠራው እንደዚህ ነው።

ያሬድ (ዱባይ)
ያቀረብሽው ከባድ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ጽሑፉ «የዚያን ቀን ደሞዝ ከ50 በመቶ ጭማሪ ጋር» ነው የሚለው። ከወር ደሞዙ ላይ ተጨማሪ ነው የሚል ቃል የለም። እኛ ኩባንያ ያሉት ሰዎች በዚህ ነው የሚከራከሩት። ሰብለን 162 ቀርቶብሻል ብለን ብንልካትና ባይሳካላትስ? ቪዛዋ በነሱ እጅ ነው። ልጅቷን አናስቸግራት።

ጋሽ መኮንን (ዱባይ)
እኔ ያሬድን እደግፋለሁ። ለ162 ድርሃም እንጀራ አይደፋም።

አልማዝ (አጅማን)
ጋሼ፣ 162 ድርሃም ለኔ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለእናቴ የወር ጤፍ ነው።

ሂሩት (አቡዳቢ)
ጥል አይደለም የምላት ጋሼ። ሁለቱን ለይታ ትጠይቅ። 18ቱ በሰዓት ላይ ያለ ስህተት ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። በእሱ ትጀምር። 144ቱ ግን ክርክር ያለበት ነው። ለሱ የጽሑፍ ማብራሪያ ትጠይቅ።

ሰብለ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ሥራሽ በፈረቃ ነው? ማለቴ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት እየተቀያየርሽ ነው? የሌሊቱ 50 በመቶ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው አይመለከትም። ኤችአሯ መጀመሪያ የምታነሳው እሱን ነው።

ሰብለ (ሻርጃ)
አይ፣ ሁሌም ከ6 ሰዓት ነው የምገባው። ግን የቁርስ ሰው ሲጎድል በወር ሁለት ሦስቴ ጠዋት ያስገቡኛል። ይሄ ፈረቃ ይባላል?

ያሬድ (ዱባይ)
እኛ ጋ ይባላል።

ሂሩት (አቡዳቢ)
እኔ ጋ አይባልም። ሰው ሲጎድል መሸፈንና ፈረቃ የተለያዩ ናቸው። ውልሽ ላይ ፈረቃ የሚል ቃል ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። ገብተሽ እይው፣ የሥራ ሚኒስቴሩ አፕ ላይ ውልሽ አለ። ቤዚክሽም 1,440 ተብሎ መጻፉን አረጋግጪ። አንዳንድ ቦታ በቃል የሚነግሩሽና ውሉ ላይ ያለው ይለያያል።

የማስረጃ ነገርም አለ። የሥራ መርሐ ግብሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ፎቶ አንሺው። በጣት አሻራ ሲቆጠር 5 ሰዓት ላይ መውጣትሽ ይመዘገባል፣ ግን መዝገቡ የነሱ ነው። አንዳንድ ሱፐርቫይዘር መጀመሪያ አሻራችሁን አድርጉ ይልና ጠረጴዛ ያስጠርጋል። እንዲህ ከሆነ የዚያን ማታ ሰዓት በዚያው ማታ ስልክሽ ላይ ጻፊ።

ሰብለ (ሻርጃ)
አዎ፣ ልክ እንደዛ ነው የሚያደርገን። አራት ማታ ሳይሆን አይቀርም። እኔ 12 ያልኩት በራሴ ማስታወሻ ነው።

ዳዊት (ዱባይ)
እንግዲያ መዝገቡ 8 ማታ ብቻ ቢያሳይስ?

ሂሩት (አቡዳቢ)
12 ማታ ከፍለዋታል እኮ ዳዊት። 24 ሰዓት ብለው በራሳቸው ቆጥረዋል። ሰብለ፣ ያ ፔይስሊፕ እንዳይጠፋሽ። የሰዓቱ ቁጥር በነሱ እጅ የታመነበት ወረቀት ነው። የቀረው የሰዓቱ ዋጋ ብቻ ነው።

መልስ ካጣሽ 80084 የሠራተኛ ቅሬታና ምክር መስመር ነው። መጀመሪያ ምክር ብቻ ጠይቂ፣ ያንቺን ስሌት ከነሱ ጋር አስተያዪ። የበዓሉንም እነሱ ምን እንደሚሉ እንስማ፣ ከኔና ከያሬድ ይልቅ።

ጋሽ መኮንን (ዱባይ)
ይሄ ይሻላል። ደውዪና እኛንም ንገሪን። ከማታ 3 ነው ያልኩትን ስቼ ነው፣ ይቅርታ።

ሰብለ (ሻርጃ)
ውሉን አሁን ከፍቼ አየሁት። ቤዚክ 1,440 ይላል። ስለ ፈረቃ ምንም አይልም። ነገ ከ6 ሰዓት በፊት ኤችአር ቢሮ እገባለሁ፣ የ18ቱን ይዤ። በዓሉን ግን ከደወልኩ በኋላ ነው የማነሳው።

ለእናቴ 252ቱን ልኬላታለሁ።