ውድቅ ለተደረጉ የስጦታ ደረሰኞች የጋራ ሐሳብ፦ የነጋዴዎች ማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

ሰብለ፣ ጸሐፊ፣ ጥር 13 ቀን 2017

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሳችሁ። ከቸርችል ጎዳና እስከ ተክለሃይማኖት ካሉ አባሎቻችን መካከል ለችግረኛ የሰጡት ገንዘብ በኦዲት ጊዜ «ተቀናሽ አይሆንም» የተባለባቸው እየበዙ ነው። ሥራ አስፈጻሚው አንድ የጋራ ሐሳብ ተጽፎ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ወስኗል። ረቂቁን እዚሁ እንጻፈው። ውሳኔ የደረሳችሁ፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ምክንያት ቃል በቃል ጻፉልኝ። ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል፤ የሰጠ ሰው እንዳጠፋ ሰው መቆጠር የለበትም።

ዳዊት

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ማኅበሩ በሁላችንም ስም አንድ ቅሬታ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ለገቢዎች ያስገባ። አንድ በአንድ ስንሄድ ማንም አይሰማንም። ጊዜም አለን፤ ይግባኝ 30 ቀን ነው።

ሰለሞን

የኔን እንደ ምሳሌ ውሰዱት። የጽሕፈት መሣሪያ ጅምላ ነው የምንሠራው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነን። ጉዳዩ የ2015 ግብር ዘመን ነው። ስጦታው ሳይቀነስ ግብር የሚከፈልበት ገቢያችን 1,800,000 ብር ነበር። በዓመቱ ውስጥ አረጋውያንን ለሚጦር ድርጅት 150,000፣ ለወረዳው የቤት እድሳት 60,000፣ ለሰፈሩ ዕድር ደግሞ 40,000 ብር ሰጥተናል። ሕጉ ከ10 በመቶ በላይ ስለማይፈቅድ የሒሳብ ሠራተኛችን 180,000ውን ብቻ ቀነሰች። ኦዲተሩ ሁሉንም መልሶ ገቢ ላይ ደመረው። በ30 በመቶ 54,000 ብር ፍሬ ግብር መጣ፣ ቅጣትና ወለዱ ሳይቆጠር።

የውሳኔ ማስታወቂያውን ጥር 6 ፈርሜ ተቀብያለሁ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ «ስጦታው በአዋጅ 979/2008 አንቀጽ 24 ለተመለከቱት ድርጅቶች የተሰጠ ስለመሆኑ አልተረጋገጠም።»

ወይዘሮ አልማዝ፣ የሒሳብ ባለሙያ

ሰለሞን፣ ጥሩ አድርገህ አስቀመጥከው። ከዳዊት ልጀምር፣ ምክንያቱም ቀኑ እየሄደ ነው። ዳዊት ያልከው 30 ቀን አለ፤ ግን እሱ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን የሚኬድበት ነው። ከዚያ በፊት ውሳኔውን ለሰጠው ለራሱ ለባለሥልጣኑ ቅሬታ ይቀርባል፣ ለዚህ ደግሞ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 የሚሰጠው 21 ቀን ነው። የሰለሞን ጥር 27 ያልቃል። በሕመም፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚጨመረው ግን ከ10 ቀን አይበልጥም። እሱን ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ቅሬታው የግብር ከፋዩ ነው። ውሳኔው በሰለሞን ድርጅት ቲን የተሰጠ ስለሆነ ቅሬታውንም የሚያቀርበው ያው ድርጅት ነው። የማኅበሩ ማኅተም አይተካውም።

አሁን ሰለሞን፣ ሦስቱን ደረሰኞች ለያያቸው። ኦዲተሩ በአንድ መስመር ጣላቸው እንጂ ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንቀጽ 24 ሁለት በር ብቻ ነው ያለው። አንደኛው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር የተሰጠ ስጦታ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ለአገር ሉዓላዊነት፣ ለተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ አደጋ፣ ለወረርሽኝ ወይም ለመሰል ምክንያት ላደረገው የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የተሰጠ ምላሽ ነው። ዕድር በሁለቱም አይገባም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ራሱ ዕድርን፣ ዕቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጓል። ለደብር ወይም ለመስጊድ የሰጣችሁም ይህንን አስቡበት። የአረጋውያኑ ድርጅት ግን ልትከራከርበት የሚገባህ ነው።

ሐና

እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ነው የማኅበሩ አባል። ከደሞዜ በየወሩ ለሕፃናት ማሳደጊያ እሰጣለሁ፣ ደረሰኞቹ በሙሉ አሉኝ። ከደሞዝ ግብሬ እንዲቀነስልኝ የት ልሂድ?

ወይዘሮ አልማዝ

ሐናዬ፣ ይህ ተቀናሽ ለንግድ ሥራ ገቢ ነው። ከደሞዝ ላይ የለም። ቁርጥ ግብር የሚከፍሉ አባሎቻችንም እንደዚሁ፣ ወጪ ስለማይቀናነስላቸው በዚህ ጉዳይ ቅሬታ የሚያቀርቡበት ነገር የለም።

ጋሼ ኃይሉ

ልጆች፣ የወረዳውን ለምን ትተዉታላችሁ? ወረዳ መንግሥት ነው። ሱቃችን ድረስ መጥተው፣ በደብዳቤ ጠይቀው፣ ደረሰኝ ቆርጠው ነው የወሰዱት። «መንግሥት ጥሪ ሲያደርግ» ካለ ይኼ ጥሪ ካልሆነ ምኑ ነው ጥሪ?

ወይዘሮ አልማዝ

ጋሼ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ እኔም ያሳዝነኛል። ሕጉ ግን ጥሪ ብቻ አይደለም ያለው፣ የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ነው ያለው፤ ዓይነቱንም ዘርዝሯል። ያረጀ ቤት ማደስ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ ወረርሽኝ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ደብዳቤው ላይ ቤቶቹ በጎርፍ ወይም በእሳት የተጎዱ መሆናቸው ተጽፎ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደብዳቤው ያላችሁ ላኩልኝ።

ጋሼ ኃይሉ

የኔ «ለአቅመ ደካሞች» ይላል። ቢሆንም አልተስማማሁም። መንግሥት የጠየቀውን መንግሥት ሊክደው አይገባም። ይህ በረቂቁ ይግባልኝ።

ሰለሞን

እኔ ወረዳውንና ዕድሩን ብተው ምን ያህል አጣለሁ?

ወይዘሮ አልማዝ

ያን ያህል አይደለም፣ ምክንያቱም ጣሪያው ቀድሞ ገድቦሃል። ከቀነስከው 180,000 ውስጥ 150,000ው የአረጋውያኑ ነው። ከወረዳውና ከዕድሩ የገባልህ 30,000 ብቻ ነበር፤ የሱ ግብር 9,000 ብር ነው። ይህንን «አልከራከርበትም» ብለህ ቅሬታውን ከማስገባትህ በፊት ክፈለው፣ የከፈልክበትንም ደረሰኝ አያይዝ። ክርክር የሌለበት ግብር ካልተከፈለ ቅሬታው እንደቀረበ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የቀረው 45,000 ብር አከራካሪው ግብር ይሆናል።

አሁን የአረጋውያኑን ደረሰኝና የድርጅቱን የምዝገባ ሰርተፊኬት ፎቶ አሳየኝ።

ሰለሞን

ላክሁ።

ወይዘሮ አልማዝ

ሁለት ነገር አየሁ። ደረሰኙ የታተመ ነው፣ ተከታታይ ቁጥርና የድርጅቱ ቲን አለው። ነገር ግን «ከ» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው ያንተ የግል ስም ነው። ቀናሹ ደግሞ ድርጅትህ ነው። ኦዲተሩ ይህንን ባያነሳውም ቅሬታ አጣሪው ሊያነሳው ይችላል። ገንዘቡ የወጣው ከየትኛው ሒሳብ ነው?

ሰለሞን

ከድርጅቱ ሒሳብ፣ በባንክ ዝውውር።

ወይዘሮ አልማዝ

እንግዲያው ይድናል። የዚያን ቀን የባንክ መግለጫ ይዘህ ወደ አረጋውያኑ ድርጅት ሂድ፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የደረሰኙን ቁጥርና የድርጅትህን ስም ከነቲኑ የጠቀሰ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጻፉልህ። ደረሰኙ ላይ አንድም ነገር እንዳትሰርዝ፣ እንዳትደልዝ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ሰርተፊኬቱ የሚለው «ሀገር በቀል ድርጅት» ነው። አንቀጽ 24 ደግሞ «የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት» ይላል፤ ያ ስያሜ የመጣው ከአዋጅ 621/2001 ነው። 621 በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1113 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ ያንን ስያሜ ትቶ ሀገር በቀልና የውጭ ብሎ ለየ። ስለዚህ የዛሬ ድርጅቶች ሰርተፊኬት ላይ የግብር ሕጉ የሚለው ቃል አይገኝም። በድሮው አዋጅ «የኢትዮጵያ» የሚባለው ከገቢው ከ10 በመቶ የማይበልጠውን ብቻ ከውጭ ያገኘ ነበር፤ ሀገር በቀል ለመባል ግን ያ ገደብ የለም። ኦዲተር «አልተረጋገጠም» ሲል አንዳንዴ ሐሳቡ ይህ ነው።

ዳዊት

ታዲያ ይህማ የሁላችንም ነው!

ሰብለ

እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት። የጋራው ሐሳብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወይዘሮ አልማዝ፣ ትርጉሙን የሚሰጠው ማነው?

ወይዘሮ አልማዝ

በ983 መሠረት የግብር ሕግን ትርጉም በጽሑፍ የሚያወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ለሁሉም ተብሎ ከወጣ ግብር አስከፋዩ መሥሪያ ቤትም ይገደድበታል። ማኅበሩ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው፤ «በአዋጅ 1113 የተመዘገበ ሀገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት በአንቀጽ 24 ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልን እንጠይቅ። ይህ ግን ለሰለሞን እስከ ጥር 27 አይደርስለትም፤ እሱ ክርክሩን በራሱ ቅሬታ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ዳዊት

ቅሬታው ውድቅ ቢሆን፣ ወይም ዝም ቢሉትስ?

ወይዘሮ አልማዝ

በ180 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ያ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይችላል። ውድቅ ከተደረገም ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ 30 ቀን አለው። እዚያ ግን የአከራካሪውን ግብር ግማሽ ማስያዝ አለበት፤ ለሰለሞን 22,500 ብር ነው፣ ቅጣትና ወለድ አይታሰብም። ከዚያ ወዲያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ ማስያዣውም ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የሕግ ጥያቄን ብቻ ነው። ስለዚህ የባንክ መግለጫውም፣ ማረጋገጫ ደብዳቤውም፣ ስጦታው በተሰጠበት ቀን ምዝገባው የጸና እንደነበረ የሚያሳየው ማስረጃም ከአሁኑ ፋይሉ ውስጥ ይግባ። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነው። «እነሱ ያረጋግጡ» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም።

ጋሼ ኃይሉ

22,500 ለሰለሞን ቀላል ይሆናል። ለትንሽ ሱቅ ግን ግማሹን ማስያዝ ማለት ዕቃ አለማምጣት ነው። ማኅበሩ ለዚህ ብድር ሊያዘጋጅ አይችልም?

ሰብለ

ለጉባኤው አቀርበዋለሁ ጋሼ። የማኅበሩ ገንዘብ ለዚህ ይዋል አይዋል መተዳደሪያ ደንባችንን ማየት ስላለብኝ አሁን ቃል አልገባም።

ሰለሞን

አንድ ጥያቄ። 10 በመቶው የሚሰላው ስጦታው ከመቀነሱ በፊት ካለው ገቢ ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ ካለው? እኛ በፊት ባለው ነው ያሰላነው።

ወይዘሮ አልማዝ

እኔም የምሠራው እንደዚያ ነው። አንቀጹ «ግብር ከሚከፈልበት ገቢ» ብሎ ስለሚያልፍ ከተቀነሰ በኋላ ነው የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ላንተ ለውጥ አያመጣም፤ የምትከራከርበት 150,000 በሁለቱም ስሌት ከጣሪያው በታች ነው። ሰብለ፣ ከሚኒስቴሩ ጥያቄ ጋር ይህንን አናደባልቀው፣ ለብቻው ይጠየቅ።

ሰብለ፣ ጥር 15

እስካሁን የጻፍኩት ረቂቅ ይህ ነው። ማኅበሩ በስሙ ለገንዘብ ሚኒስቴር ስለ «ሀገር በቀል ድርጅት» የትርጉም ጥያቄ ያቀርባል፣ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም ግልባጭ ያደርጋል። ቅሬታውን እያንዳንዱ አባል በራሱ ቲን ያስገባል፤ ማኅበሩ የሚያግዘው የቅሬታ ናሙና በማዘጋጀትና ማኅደሩን አብሮ በማየት ነው። ከእንግዲህ ከ10,000 ብር በላይ የሚሰጥ አባል ገንዘቡን ከማስተላለፉ በፊት የተቀባዩን ሰርተፊኬት ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ ይልካል፣ ደረሰኙንም በንግድ ድርጅቱ ስም ያስቆርጣል። የጋሼ ኃይሉ የወረዳ ጉዳይ ለክፍለ ከተማው በሚጻፍ ሌላ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ወረዳዎች ገንዘብ ሲሰበስቡ ጥሪው የአስቸኳይ ጊዜ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ እንዲገልጹ። ጋሼ፣ ይህ የእርስዎን ሐሳብ ይይዛል?

ጋሼ ኃይሉ

ግማሹን ይይዛል። ያለፈው ይመለስ የሚለውን ጉባኤው ላይ እኔው እናገራለሁ።

ዳዊት

10,000 ያላችሁት ዝቅ ይበል። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ሦስትና አራት ሺህ ነው፣ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ።

ሰብለ

ልክ ነህ፣ ዳዊት። መጠኑን አወጣዋለሁ፤ በተቀናሽ ሊያስይዝ ያሰበ ሁሉ ይላክ።

ሰለሞን

9,000ውን ነገ ጠዋት እከፍላለሁ፣ ከዚያ ወደ አረጋውያኑ ድርጅት አልፋለሁ። ወይዘሮ አልማዝ፣ የቅሬታ ደብዳቤውን እስከ ጥር 20 ጽፌ ብልክልዎት ያዩልኛል?

ወይዘሮ አልማዝ

አየዋለሁ። በሁለት ቅጂ አዘጋጀው፤ ስታስገባ በራስህ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን እንዲያሳርፉልህ።