«እንግዲህ» ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

አርታዒው፦ የፖድካስት ቃለ ምልልሶችን ወደ ጽሑፍ እቀይራለሁ። እንግዶቹ «እንግዲህ»፣ «ያው»፣ «ለማንኛውም»፣ «ማለት ነው» ይደጋግማሉ። አለቃዬ ሁሉንም አውጣቸው ይለኛል። አንዱ እንግዳ ግን ወጥተውበት ሲያነበው «እኔ እንዲህ አልተናገርኩም» ብሎ ተቆጣ። ማን ነው ልክ?

ቁጥብ፦ አለቃህ። ምንም ጥያቄ የለውም። ሰውዬው የተናገረውን ሐሳብ ነው እንጂ የጉሮሮውን ድምፅ አይደለም ማንበብ የምፈልገው። ቃሉን ስታወጣው ዓረፍተ ነገሩ ካልፈረሰ፣ ቃሉ መጀመሪያውንም ሥራ አልነበረውም።

የማታ ወፍ፦ እኔም ከቁጥብ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ቃላት ፋታ ማግኛ ናቸው። አፍ ቀድሞ ይከፈታል፣ ሐሳቡ ገና በመንገድ ላይ ነው። ከ«እእእ» በምንም አይለዩም። «እእእ» ብሎ የሚጽፍ አርታዒ ደግሞ አላየሁም።

ጋሽ ቀለም፦ ልጆች፣ ነገሩን አነሳችሁት እንጂ እኔ ካቃጠለኝ ቆይቷል። በየፖድካስቱ «ሶ»፣ «ዌል»፣ «ኤኒዌይ»! በገዛ ቋንቋችን ማውራት አቃተን እኮ። ይቆረጥ ብቻ ሳይሆን መቀጫም ይኑረው።

አርታዒው፦ ጋሼ፣ የእኔ እንግዶች አማርኛ ነው የሚናገሩት። ጥያቄዬ ስለ «እንግዲህ» እና ስለ «ለማንኛውም» ነው።

ሰሚ፦ የእኔ ሥራ የተቀዳ ወሬ እየሰማሁ፣ ዝምታውን ጭምር በሰከንድ ስባሪ እየለካሁ መጻፍ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

የማታ ወፍ ግማሹን አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት በ10 ቋንቋዎች ጥያቄና መልስ ለክቶ ነበር። አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የዓይን ጥቅሻ ያህል። አንዲት ቃል አስቦ ለማውጣት ደግሞ 600 ገደማ ያስፈልጋል። ሰው ሌላው ሳይጨርስ ነው መልሱን ማሰናዳት የሚጀምረው ማለት ነው። አንዳንዴ ግን አይደርስም፤ ያኔ «እንግዲህ» ተራውን ይይዝለታል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ዋናው ሥራ ፋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አንዱን በሌላው መተካት በተቻለ ነበር። ሞክሩት፦

— ሪፖርቱን ላክኸው?
— እንግዲህ፣ ትናንት ማታ ጨርሼዋለሁ።

አሁን በ«እንግዲህ» ቦታ «ለማንኛውም» አስገቡበት። ሰውዬው ጥያቄውን የዘለለው ይመስላል። ርዝመታቸው ያን ያህል አይራራቅም፤ የሚሰጡት ፋታም እንደዚያው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

አሁን ደግሞ «እንግዲህ»ን ቁረጡት። «ላክኸው?» «ትናንት ማታ ጨርሼዋለሁ።» ይሄ ላክሁት የሚል ይመስላል። ከ«እንግዲህ» ጋር ግን ጠያቂው ገና ከመጀመሪያዋ ቃል «አልላከውም» ብሎ ይጠረጥራል። ቃሉ «አዎ ወይም አይደለም አትጠብቅ፣ ነገሩ ትንሽ ጠመም ያለ ነው» ይለዋል። የእንግሊዝኛው «ዌል»ም በመልስ መግቢያ ላይ በአብዛኛው ይህንኑ ይሠራል።

ቁጥብ፦ እሱማ አንድ አጋጣሚ ነው። የመረጥሽው ምሳሌ ስለሆነ ነው የሠራልሽ።

ሰሚ፦ እሺ፣ ያንተን መለኪያ ልውሰድ፤ ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ካልፈረሰ ሥራ የለውም ነው ያልከው። ይሄን አንብብ፦

«ማመልከቻዬን ላስገባ ሄድኩ። በሩ ላይ ድሮ አብሮኝ የተማረ ልጅ አገኘሁ። አሁን አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት። ለማንኛውም ተቀበሉኝ።»

«ለማንኛውም»ን አውጣውና ጮክ ብለህ አንብበው።

የማታ ወፍ፦ «ሁለት ልጆች አሉት። ተቀበሉኝ።» ሃሃሃ! ልጆቹ ወጥተው ተቀበሉት።

ሰሚ፦ በቃ። ዓረፍተ ነገሩ አልፈረሰም፤ ሁለቱም ቆመው ይሄዳሉ። የፈረሰው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው። ተናጋሪው ከዋናው ወሬ ወጣ ብሎ ስለ ጓደኛው አወራ። «ለማንኛውም» «የጓደኛዬ ነገር እዚህ አበቃ፣ ወደ ማመልከቻው ተመለስኩ» አለን። በጽሑፍ አንቀጽ የሚሠራውን በንግግር እሱ ይሠራዋል። አድማጭ ገጽ ገልጦ ወደ ኋላ አያይማ።

ለአርታዒው አንድ ጥንቃቄ። ሁለት «ለማንኛውም» አለ። «ለማንኛውም ጃንጥላ ያዝ» የምትለው ሌላ ናት፤ ምናልባት ከዘነበ ማለቷ ነው። መለያው ቀላል ነው። «ለምን ያዝክ?» ሲባል «ለማንኛውም» ብሎ መመለስ ይቻላል። «ለምን ተቀበሉህ?» «ለማንኛውም» ግን አያስኬድም። በቀረጻውም ይሰማል፤ የመመለሻው ብዙ ጊዜ በአዲስ ትንፋሽ ይጀምራል፣ ከኋላውም አጭር እረፍት አለ። የጃንጥላዋ ግን ከተከታዩ ቃል ጋር ተጣብቃ ትወጣለች።

ጋሽ ቀለም፣ የእርስዎም ነገር እኮ ሩቅ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም እነዚህኑ ቃላት ዝርክርክነት ነው እያሉ ሲያማርሩ ነው የኖሩት። የቋንቋ ምሁሯ ዲቦራ ሺፍሪን እ.ኤ.አ. በ1987 የተራ ሰዎችን የተቀዳ ወሬ ይዛ 11 እንዲህ ያሉ ቃላትና ሐረጎች እያንዳንዳቸው የት እንደሚቆሙ አሳየች። «ሶ» እና «ዌል» ከእነሱ ውስጥ ናቸው።

ጋሽ ቀለም፦ ይሁን፣ ለእነሱ ይሥራላቸው። ለእኛ «ታዲያ» እያለን «ሶ» ምን ሊያደርግልን?

ሰሚ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። «ታዲያ ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስንል «ስጠብቀው የነበረ ጉዳይ ነው» እያልን ነው። «እኔ የምልህ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስንል ግን አሁን ትዝ ያለን ነው የሚመስለው። ወዳጅ የመጀመሪያውን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ትንሽ ቅር ሊያሰኝ ይችላል።

ሐረግ፦ የራሴን ላውጋችሁ። አንድ የሠራሁበት ቦታ የንግግር ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ «እንግዲህ» ባልን ቁጥር ጠረጴዛ ይመታ ነበር። ተውኩት። ከወር በኋላ አንዲት ባልደረባዬ «ተቆጥተሽኛል እንዴ?» አለችኝ። ለካ «ነገ ትመጫለሽ?» ስትለኝ ቀጥ ብዬ «አልመጣም» እያልኳት ነበር። ድሮ «እንግዲህ… ነገ እንኳ የሚመቸኝ አይመስለኝም» ነበር የምለው። እምቢታው ያው ነው፤ መንደርደሪያው ጠፍቶ ነው ያስደነገጣት።

ቁጥብ፦ ይሄ የፊት ለፊት ወሬ ነው። አርታዒው ግን ለአንባቢ ነው የሚጽፈው። ደግሞ ማንም «ማለት ነው»ን አልነካም። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ማለት ነው» የሚል ሰው ምን እያደራጀ ነው?

ሰሚ፦ እዚህ ላይ አንተ ትበልጠኛለህ። «በሌላ አነጋገር» ወይም «ይህን ልብ በል» ለማለት የሚመጣ አለ፤ እሱ ይቆይ። ከላይ እኔም አንዴ ብዬዋለሁ። በየመስመሩ ሲመጣ ግን የትኛው መስመር እንደሚከብድ መለየት ያቅታል። እኔ የምቆርጠው እሱን ነው። ባልደረቦቼ ግን አይስማሙም። ለአድማጩ «እየተከተልከኝ ነው?» የሚል ጥሪ ነው ይላሉ፤ በቀረጻው ላይም አድማጩ ልክ እዚያው ላይ «እህ» ሲል ይሰማል። እነሱ ልክ ከሆኑ ደግሞ የጠያቂውን «እህ» አውጥተህ የእንግዳውን «ማለት ነው» ብቻ ስትተው ነው ሰውዬውን ደነዝ የምታስመስለው።

አርታዒው፦ የተቆጣውን እንግዳ ቀረጻ እንደገና ሰማሁት። ጠያቂው «ከድርጅቱ በራስህ ፈቃድ ነው የለቀቅከው?» ይለዋል። እሱም «እንግዲህ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ይላል። እኔ «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ነው ያወጣሁት።

ሐረግ፦ ውይ!

ቁጥብ፦ ይቺን መልሳት። «ማለት ነው»ዎቹን ግን እንዳትመልስ።

አርታዒው፦ በዚህ ቀረጻ ብቻ 23 ናቸው። ሰባቱ ላይ ጠያቂው «እህ» ብሏል። አሁን እነሱን ምን ላድርጋቸው?