ነጠብጣቡ ላይ ቆንጆ ጽሑፍ፣ ባዶ መስመር ላይ ግን «ኦ» «ኤ» ትሆናለች

የሦስተኛ ክፍል እናት
ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ከርሲቭ፣ ማለትም ተያያዥ ጽሑፍ፣ ጀምረዋል። እኔም ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ባለ ነጠብጣብ 26 ገጽ አተምኩላት። ነጠብጣቡን ስትከተል በጣም ያምራል። ባዶ መስመር ስሰጣት ግን ይበላሻል። በተለይ «ኦ» ከሌላ ፊደል ጋር ስትያያዝ «ኤ» ትመስላለች። «ከም»፣ come፣ ብላ የጻፈችው «ኬም»፣ came፣ ተብሎ ይነበባል። ምን ዓይነት የመልመጃ ወረቀት ልስጣት?

ቶሎ ቶሎ
ቀላል ነው እህቴ። ያንኑ 26 ገጽ ደግመሽ አትሚላት። የኔ ልጅ ሦስት ዙር ከጨረሰ በኋላ ነው እጁ የተፍታታው። ዋናው ነገር ቃሉ እስኪያልቅ እርሳሱ ከወረቀቱ እንዳይነሳ ነው። ከተነሳማ ምኑን ከርሲቭ ሆነ?

ጠመኔ
መደጋገሙ ልክ ነው። ግን ያው ወረቀት ሲደገም ያው ስህተትም አብሮ ይደገማል። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ለዓመታት አስተምሬያለሁ፣ ይሄን ነገር በየዓመቱ አየዋለሁ።

ነጠብጣብ የሚከተል ልጅ እየጻፈ አይደለም፣ እየሳለ ነው። ዓይኑ ቀጣዩን ነጥብ ይፈልጋል፣ እጁ ይከተላል። ፊደሉ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚዞር ማሰብ አያስፈልገውም። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ ከኤ እስከ ዜድ ፊደላቱን ለየብቻ ነው ያቀረበው። ከርሲቭ ላይ የሚከብደው ፊደሉ ሳይሆን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚሄደው መንገድ ነው። ልጅሽ ያን መንገድ አንድም ቀን አልተለማመደችውም።

የኦን ነገር ልንገርሽ። አብዛኞቹ ትንንሽ ፊደላት የሚጨርሱት ታችኛው መስመር ላይ ነው። ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤም፣ ኤን፣ ቲ፣ ዩ ሁሉም ጅራታቸው ከታች ተነስቶ ወደሚቀጥለው ፊደል ሽቅብ ይወጣል። አራቱ ግን አይወርዱም፤ ኦ፣ ቪ፣ ደብልዩ እና ቢ። እነዚህ በመሃለኛው መስመር ከፍታ ላይ እንዳሉ እንደ አጭር ድልድይ ይሻገራሉ። (ቢን ታች የሚያስጨርሱ ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ እዚያ ሦስት ናቸው ማለት ነው።) ልጅሽ ኦንም እንደ ብዙዎቹ ወደ ታች አውርዳ ነው የምታያይዛት። ክብ ላይ ከታች ጅራት ሲቀጠልበት ደግሞ ኤ ሆነ።

ዛሬ ማታ ባዶ መስመር ላይ «ከም»፣ «ሆት» እና «ቦይ» አስጽፊያት። ወረቀቱን ተዪውና እጇን እዪ። ኦን ከየት ትጀምራለች? ወዴት ታዞራለች? ክቡ ካለቀ በኋላ እርሳሱን ታነሳለች ወይ? መልሱን ይዘሽ ነይ።

ቶሎ ቶሎ፣ እርሳስ አይነሳም ያልከው ላይ ደግሞ፦ የአይ ነጥብና የቲ መስቀለኛ ሰረዝ የሚገቡት ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ለእነሱ መነሳቱ አይቀርም። ረጅም ቃል ላይም ልጁ እጁን ለማንሸራተት ፊደል ከጨረሰ በኋላ ቢያነሳ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ በድልድዩ መሃል ማንሳት ነው።

ልበ ቅን
እንዴ፣ የአማርኛ ፊደል እኮ አይያያዝም! ሀ ሁን አያይዛችሁ ጻፉ የሚል አስተማሪ ገና ዛሬ ሰማሁ። እኔ ብሆን ሄጄ እጠይቅ ነበር።

ቶሎ ቶሎ
የእንግሊዝኛ ነው ያለችው ወንድሜ።

ልበ ቅን
ውይ፣ ይቅርታ። ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው።

የሦስተኛ ክፍል እናት
አደረግኩት። ኦን ከታች ትጀምርና በቀኝ በኩል ወደ ላይ ታዞራለች፣ ከዚያ በግራ ወርዳ ታች ትዘጋዋለች። እርሳሷን ታነሳለች። ኤም ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ ተመልሳ በሁለቱ መሃል አንዲት ሰረዝ ትሰካለች! ነጠብጣቡ ላይ ይሄ ሁሉ አይታይም ነበር።

ጠመኔ
ይኸው ተገኘ። ክቡ ታች ሲዘጋ እርሳሷ የሚቀረው ታች ነው። ድልድዩ ደግሞ ከላይ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ወይ ከታች ታያይዛለች፣ ወይ እርሳስ አንስታ ሰረዝ ትሰካለች። ሌላ ምርጫ የላትም። ፊደላቱ ተለያይተው ሲጻፉ ይሄ ችግር ይደበቃል፣ ክቡ ከየትም ቢጀመር ክብ ነው። ማያያዝ ሲመጣ ነው የሚጋለጠው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ማያያዝ የሚባል ነገር የለም። ሲን ብቻ አስጽፊያት። ከላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ባለ ነጥብ ይጀመርና ወደ ግራ ይዞራል። ነጥቡን በቀለም አድርጊላት፣ ከጎኑ ቀስት ይኑር። ሲ ሲለምድላት ሳታነሳ ወደ መነሻው ነጥብ ወስዳ ትዝጋው። ኦ ማለት አፉ የተዘጋ ሲ ነው። ይሄ ከተስተካከለ ኤ፣ ዲ እና ጂም አብረው ይስተካከላሉ፣ አጀማመራቸው አንድ ነው።

ከዚያ ወረቀቱን ራስሽ አዘጋጂ። ለአንድ ወረቀት አንድ ማያያዣ ብቻ፣ ለምሳሌ ኦ እና ኤም። ወረቀቱን ወደ ጎን አጋድመሽ አራት ረድፍ አስምሪ። እያንዳንዱ ረድፍ ደማቅ የታች መስመር፣ የተቆራረጠ የመሃል መስመርና የላይ መስመር ይኑረው። በመካከላቸው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ከታችም እንደዚያው ተዪ፣ ለጂ እና ለዋይ ጭራ።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናሙናውን ሁለት ጊዜ በትልቁ ጻፊ፣ የመነሻው ነጥብና ቀስቱ ይታይ። ድልድዩን ብቻ በቀለም ብታደርጊው ጥሩ ነው። ቀሪውን በነጠብጣብ ትከተል። ነጠብጣብ እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናሙናውን እያየች ትገልብጥ። ሦስተኛው ላይ ናሙናውን በወረቀት ሸፍነሽ ከጭንቅላቷ አምስት ጊዜ ትጻፍ። ይሄ ረድፍ ነው ወረቀቱን ወረቀት የሚያሰኘው፣ ገበያ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ላይ ግን የለም። አራተኛው ላይ ማያያዣው ያለበት ቃል ይግባ፣ «ከም»ን የመሰለ። ለቀኑ 10 ደቂቃ በቂ ነው። እጇ ከደከመ አሮጌው ልማድ ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ሌላ ማያያዣ ለማለፍ መለኪያዬ ቀላል ነው። ቃሉን የማያውቅ የቤት ሰው ሦስተኛውንና አራተኛውን ረድፍ ያንብብ። «ኬም» ካለ ነገም ያው ወረቀት ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኦን መጀመሪያ ከኤም፣ ከኤን እና ከዩ ጋር አለማምጃት። ከዚያ ረጃጅሞቹ፣ ኤል እና ቲ። ከድልድይ በኋላ የሚመጡትን ኢ፣ አር እና ኤስ ለመጨረሻ አቆዪ። እነዚህ መነሻቸው ታች ስለሆነ ከላይ ሲገባባቸው መልካቸው ይለወጣል። ኢ በተለይ አስቸጋሪ ናት። ድልድዩ ትንሽ ዝቅ ካላለላት ክፍት ዓይኗ ይጠፋና አይ ትመስላለች።

ግራኝ ነኝ
ልጅሽ ግራኝ ከሆነች ከላይ ያለው ወረቀት አንድ ጉድለት አለው። ናሙናው በግራ ጠርዝ ላይ ከሆነ እጇ ይሸፍነዋል። እኔ ልጅ እያለሁ ሁልጊዜ እጄን እያነሳሁ አይ ስለነበር «ዓይንሽ የት ነው» ተብዬ እቆጣ ነበር። ናሙናው በቀኝ ጠርዝም ይደገም፣ ወይም ከረድፉ በላይ ይሁን። የወረቀቱ ራስ ወደ ቀኝ ያጋድል፤ ቀኝ እጅ የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ወደ ግራ ነው የሚያጋድለው። እርሳሱንም ከሹሉ ትንሽ ራቅ አድርጋ ትያዘው፣ የጻፈችውን ታያለች።

የሦስተኛ ክፍል እናት
እሷ ቀኝ ናት። ትንሹ ወንድሟ ግን ግራኝ ስለሆነ ይሄን አስቀምጬዋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ወረቀቱን በኮምፒውተር ልሠራው ሞከርኩ። ከርሲቭ ፎንት አወረድኩ፣ ግን ኦ እና ኤም በደንብ አይገናኙም። ኦዋ ከላይ ትጨርሳለች፣ ኤሟ ከታች ትጀምራለች።

አታሚው
ብዙ ነፃ ፎንቶች ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ ብቻ ነው ያላቸው። ኦ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አያውቅም። ሻል ያሉት ጎረቤቱን አይተው ቅርጽ ይለውጣሉ፣ ግን ወርድ ላይ ራስሽ ማብራት ሊኖርብሽ ይችላል። ጽሑፉን ምረጪና `Ctrl+D` ተጫኚ፣ `Advanced` በሚለው ውስጥ `Use Contextual Alternates` ላይ ምልክት አድርጊ። ምንም ካልተለወጠ ፎንቱ የለውም ማለት ነው፣ ሌላ ፈልጊ።

ከፒዲኤፍ ስታትሚ ደግሞ `Fit` የሚለውን ተዪና `Actual size` በዪ። አለበለዚያ 6 ሚሊ ሜትር ያልሽው መስመር ጠቦ ይወጣል። አንዱን ገጽ በማስመሪያ ለኪው።

ጠመኔ
በእጅ መጻፉም አይከፋም። ስትጽፊ እያየችሽ ብትሆን ከፎንት ይሻላል፣ ፎንት እንቅስቃሴ አያሳይም።

ሰፊ መስመር
ጠመኔ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። እኛ ጋ እያንዳንዱ ፊደል ከታችኛው መስመር በሚነሳ ጅራት ነው የሚጀመረው፣ ኦም ኤምም። ልጁ «ከየት ልጀምር» ብሎ አይጨነቅም፣ መልሱ ሁሌ «ከታች» ነው። ከላይ ነጥብ ማድረግ ያደናግራል።

ጠመኔ
አውቀዋለሁ፣ የሚሠራላቸው ልጆች አሉ። ግን ከታች የሚነሳው ጅራት የቃሉ መጀመሪያ ላይ ነው የሚያግዘው። ከኦ በኋላ ኤም ሲመጣ እርሳሱ ያለው ከላይ ነው፣ «ሁሌ ከታች» ያልነው ልጅ አውርዶ ያያይዘዋል። እዚህ ቤት ያለው ችግር እኮ እሱ ነው።

ሰፊ መስመር
እኛ ጋ ድልድዩ ለብቻው ስለሚሰጥ አይጋጭም። ብቻ እናትየዋ ትምህርት ቤቱ የቱን እንደሚከተል ደብተሯ ላይ ትይ። ቤት ሌላ ክፍል ሌላ ከሆነ ልጅቷ ናት የምትቸገረው።

ጠመኔ
እሱ ላይ እስማማለሁ።

የሦስተኛ ክፍል እናት
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ደብተሯን አየሁት፣ ከታች የሚነሳ ጅራት የለም፣ ስለዚህ በጠመኔ መንገድ ሄድኩ። ሲ ስድስት ቀን ፈጀ፣ ኦ መዝጋት ሁለት ቀን። ትናንት «ከም» ጻፈችና ባለቤቴ «ከም» ብሎ አነበበው። «ሆት»ም ደህና ነው። የቤት ሥራ ስትቻኮል ግን ኦዋ አሁንም ከታች ይጀምራል። «ሹ»፣ shoe፣ የሚለው ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ኢ ዓይን የላትም፣ ልክ እንደተባለው።

ጠመኔ
የቤት ሥራውን ለጊዜው በለመደችው ነጠላ ፊደል ትሥራ፣ አስተማሪዋን አስፈቅደሽ። ለኢዋ ድልድዩን ወደ መሃል እንደተንጠለጠለ ገመድ ትንሽ አርግቢላት። ናሙናውን ጻፊና ፎቶውን ላኪልኝ፣ ልየው።